በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተም ብሮሸር፦ መልሶ መተርጎም የማይደርስባቸው ስህተቶች

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ባለ አንድ ክሊኒክ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ለሴቶች የምንሰጠውን ነፃ ምርመራ የሚያስተዋውቅ ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሸር በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን ወደ አማርኛ አስተረጎምን። አማርኛውን ደግሞ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መለሰልን፤ ከመጀመሪያው ጋር ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ገጠመ። ሥራ አስኪያጃችን ግን ሁለቱ ፍጹም አንድ መሆናቸውን አረጋግጪ ብለውኛል። ሁለቱንም ጽሑፎች ልኬያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ይቻላል?»

ምላሽ፦

መልሶ መተርጎሙ መግጠሙ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ መሆናቸውን አያረጋግጥም። በዚህ መንገድ የተዘለለ ዓረፍተ ነገር፣ የተገለበጠ አሉታ ወይም ጨርሶ የተሳሳተ ቃል ይያዛል። የማይያዘው በመሄጃው ተሳስቶ በመመለሻው ራሱን የሚያርም ስህተት ነው። የመጀመሪያው ተርጓሚ ኦክቶበርን ጥቅምት ይለዋል፤ ሁለተኛው ጥቅምትን ኦክቶበር ብሎ ይመልሰዋል። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። አማርኛውን ብቻ የምታነበው ሴት ግን በሌላ ቀን ትመጣለች። የላኩልኝ ብሮሸር ላይ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሦስት ቦታ አለ፤ ሦስቱም የእርስዎን ፈተና ያለ ችግር አልፈዋል።

ከቀኑ እንጀምር። እንግሊዝኛው ምርመራው ከኦክቶበር 1 እስከ 31 ቀን 2026 ይሰጣል ይላል፤ አማርኛው «በጥቅምት ወር 2019 ዓ.ም.» ብሎታል። ኦክቶበር 1 ግን መስከረም 21 ነው፤ ኦክቶበር 31 ደግሞ ጥቅምት 21። አማርኛውን ያመነች ሴት ከመስከረም 21 እስከ 30 ያሉትን አሥር ቀናት ምርመራው እየተሰጠ መሆኑን ሳታውቅ ታሳልፋቸዋለች። ከጥቅምት 22 እስከ 30 ባሉት ዘጠኝ ቀናት ከመጣች ደግሞ «አልቋል» ተብላ ትመለሳለች፤ የያዘችው ወረቀት ግን አሁንም ጥቅምት ነው የሚለው። የፈረንጆቹ ወርና የእኛ ወር በአንድ ቀን ጀምረው በአንድ ቀን አያልቁም፤ ስለዚህ በወር ስም ብቻ የተጻፈ ማናቸውም ማስታወቂያ ወደ ሌላኛው ቋንቋ ሲሻገር የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ይዞ መሻገር አለበት።

ቀን ስትጽፉ ደግሞ የሳምንቱን ዕለት አብራችሁ ጻፉ። ለተነባቢነት ብዬ አይደለም፤ ዕለቱ የቀኑ መቆጣጠሪያ ስለሆነ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2026 ሐሙስ ነው፤ መስከረም 21 ቀን 2019ም ሐሙስ ሆኖ ካልወጣ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ይህን ብሮሸራችሁ ላይ ስሞክረው ሌላ ነገር ብቅ አለ፦ ኦክቶበር 31 ቅዳሜ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ግን አገልግሎቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው ተብሏል። የመጨረሻው ቀን እንግዲህ ዓርብ ጥቅምት 20 ነው፣ በእንግሊዝኛውም ኦክቶበር 30። ይህ የትርጉም ስህተት አይደለም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድነት የተሳሳቱበት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሲገኝ አማርኛውን ብቻ አስተካክላችሁ እንዳታልፉ።

በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ብሮሸር ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጣችሁ ልታሳትሙት ትችላላችሁ፤ ብዙ ቦታ የሚደረገው ይኸው ነው። 2019 ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዓመት በመሆኑ የ2020 መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2027 መስከረም 20 ይሆናል እንጂ 21 አይሆንም። ልዩነቱ የሚስተካከለው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2028 ላይ ነው። በመካከሉ ያሉት ቀናት ሁሉ ካለፈው ዓመት ሠንጠረዥ ከተገለበጡ በአንድ ቀን ይሳሳታሉ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። እንግሊዝኛው ከጠዋቱ 8፡00 እስከ 12፡30 በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጧል፤ ተርጓሚው ቁጥሩን ሳይነካ «ከጠዋቱ 8፡00 እስከ 12፡30» ብሎ ጻፈው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንባቢዋ ከሁለት አንዱን ታደርጋለች። ወይ «ጠዋት» የሚለው በስህተት የገባ ነው ብላ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ትመጣለች፤ ያኔ ምርመራው ካበቃ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ወይ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት መሆን አለበት ብላ ትገምታለች፤ 12፡30 ላይ ስትደርስ ግን ግምቷ ይናጋል፣ ምክንያቱም ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ትርጉም የሚሰጥ የመዝጊያ ሰዓት ነው። ትክክለኛው «ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ቀኑ 6፡30» ነው። መልሶ ተርጓሚው 8፡00ን 8፡00 ብሎ ሲመልሰው ያው ቁጥር ስለሆነ ማንም ልብ አላለም።

አማርኛው ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል ሳይቀድመው ሰዓት አይጻፍ። እንግሊዝኛውም ከቀትር በፊት ወይም በኋላ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት በየቁጥሩ ይያዝ። እንግሊዝኛውን የሚያነቡት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በእንግሊዝኛ እያነበበ በሐበሻ ሰዓት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ባዶውን «8፡00» ካየ ወዴት እንደሚወስደው መገመት ያስቸግራል።

ሦስተኛው የሚያሳስበኝ ነው፤ ሰው ገንዘብና ቀን ከማጣት አልፎ የተሳሳተ ውጤት ይዞ ሊሄድ ይችላል። የደም ስኳር ምርመራ ለሚያደርጉ ሴቶች እንግሊዝኛው ከምርመራው በፊት ለስምንት ሰዓት ከውሃ በስተቀር ምንም እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ይላል። አማርኛው ይህን ሁሉ «ጾመው ይምጡ» በሚል ሁለት ቃል አሳጥሮታል። ብሮሸሩን ለአንዲት ኦርቶዶክስ እናት ብትሰጡ፣ በተለይ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ጾምን ከሥጋና ከወተት መታቀብ ብላ ከወሰደችው፣ ሽሮ በልታ ብትመጣም ያነበበችውን ፈጽማለች። ሙስሊም አንባቢ ደግሞ ውሃም ጨምራ ትተዋለች፤ የተፈቀደላትን ራሷን ከልክላ፣ ተጠምታ ትመጣለች። አንዱ ቃል ለሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ መመሪያ ሆነ፤ ሁለቱም ደግሞ እንግሊዝኛው ካለው ይለያሉ። መልሶ ሲተረጎምስ? ላቦራቶሪ ውስጥ በሚሠራበት የእንግሊዝኛ ቃል ቁልጭ ብሎ ስለሚመለስ፣ ስምንት ሰዓቱና ውሃው መጉደላቸውን ማንም ልብ አላለም።

እዚህ ላይ ማሳጠር አይቻልም። እኔ የማስገባው እንዲህ ነው፦ «ከምርመራው በፊት ላሉት ስምንት ሰዓታት ምግብ አይብሉ፤ የጾም ምግብም ቢሆን። ቡና፣ ሻይ ወይም ሌላ መጠጥ አይጠጡ። ውሃ መጠጣት ይችላሉ። ቀጠሮዎ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ፣ በዋዜማው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም አይብሉ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትርፍ ልትመስል ትችላለች፤ እኔ ግን አላወጣትም። «ከምርመራው 8 ሰዓት በፊት» የሚለውን በችኮላ ያነበበ ሰው ርዝመቱን ትቶ የቀኑን 8 ሰዓት ሊያስብ ይችላልና፣ አንድ እውነተኛ ቀጠሮ አስልቶ ማሳየት ግምቱን ይዘጋዋል። ስምንትን በፊደል የጻፍኩትም ለዚሁ ነው፦ ርዝመትን በፊደል፣ የቀጠሮ ሰዓትን በአኃዝ። «በዋዜማው» የምትለዋም ያስፈለገችው የፈረንጆቹ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሲቀየር በእኛ አነጋገር ሌሊቱ ገና የትናንቱ ስለሆነ ነው።

የስኳር መድኃኒት ለምትወስድ ሴት በዚያ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለባት ግን ብሮሸራችሁ በሁለቱም ቋንቋ ዝም ብሏል። ይህን ተርጓሚው ወይም እርስዎ አትሙሉት። ጥያቄውን ለሐኪሙ ላኩት፤ የሚሰጠው መልስ በሁለቱም ቋንቋ ይግባ። ጽሑፍ የሚያመሳክር ሰው ሥልጣኑ ክፍተቱን እስከ ማሳየት ድረስ ነው።

ከነዚህ ሦስቱ ሌላ መልሶ ተርጓሚው ሊይዛቸው ይገባ የነበሩ፣ ግን ጥቃቅን ስለሚመስሉ የታለፉ ቦታዎች አሉ። እንግሊዝኛው 40 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ ያሉትን ይጋብዛል፤ አማርኛው «ከ40 ዓመት በላይ» ብሏል። የ40 ዓመት ሴት በእንግሊዝኛ ተጋብዛ በአማርኛ ቀርታለች። «40 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይባል። ሌላው ደግሞ የአማርኛ ጸሐፊ ልማድ ያመጣው ነው፦ ቃላትን አጣምሮ ማስኬድ ስለሚጥመን «ነፃ ምርመራና ሕክምና» ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ሕክምና የሚል ቃል የለውም። ቃል የገባው ምልክት ሳይታይ አስቀድሞ የሚደረግን ምርመራ ብቻ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት ሴት ናሙና መውሰዱም ቀዶ ሕክምናውም በነፃ ነው ብላ አማርኛውን ይዛ ብትከራከር፣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለእሷ ነው። «ነፃ ቅድመ ምርመራ» ብላችሁ፣ ምን ምን እንደሚጨምር በስሙ ዘርዝሩ።

ክፍያውን በሚመለከት ግን ጥፋቱ የተርጓሚው አይመስለኝም። እንግሊዝኛው ተጨማሪ ምርመራዎች ሊያስከፍሉ ይችላሉ ይላል፤ አማርኛው «ይከፈልባቸዋል» ብሎ ቆርጧል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በር ክፍት ይተዋል፣ ሁለተኛው ይዘጋል። ነገር ግን «ሊያስከፍሉ ይችላሉ» ብሎ መመለስም ችግሩን አይፈታውም። የትኛው ምርመራ? ስንት ብር? የሚወስነው ማነው? ብዥታው ከምንጩ ስለመጣ የሚጠራውም እዚያ ነው። የሂሳብ ክፍሉን ጠይቃችሁ እንግሊዝኛውን አስተካክሉ፣ ከዚያ አማርኛው ይከተላል። ባመሳከርኳቸው ብሮሸሮች ከሚገኙት ልዩነቶች ብዙዎቹ አማርኛው ላይ ይታዩ እንጂ ምንጫቸው እንግሊዝኛው ውስጥ ነው።

አሁን አሠራሩን ልንገርዎት። «ፍጹም አንድ» የሚለው የሥራ አስኪያጅዎ ቃል ቃል በቃል መመሳሰል ተብሎ ከተወሰደ ብሮሸሩን ያበላሸዋል፤ ስለ ጾሙ እንዳየነው አንዱ ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰውን ሌላው በአራት ዓረፍተ ነገር ሊገልጸው ይገደዳል። አንድ መሆን ያለበት ሁለቱ አንባቢዎች የሚያደርጉት ነገር ነው፦ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ይዘው፣ ያንኑ ጠብቀው ይምጡ።

ለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን በአንቀጽ ሳይሆን በቃል ኪዳን ከፋፍሉት። በአንድ ሠንጠረዥ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው ይቀመጥ፤ በየረድፉ አንድ ነገር ብቻ ይኑር፦ አንድ ቀን፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ፣ አንድ ክልከላ። የእናንተ ብሮሸር አጭር ስለሆነ ይህ ከሁለት ገጽ አያልፍም። ሲሞላ አንዱ በኩል ባዶ የሆነ ረድፍ ወዲያው ይታያል፤ «ሕክምና» በስተቀኝ ብቻዋን ተቀምጣ ትገኛለች። ሠንጠረዡን የሚሞላው ግን የተረጎመው ሰው መሆን የለበትም። ለትርጉም አገልግሎት የወጣው አይኤስኦ 17100 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርትም ትርጉሙን ከምንጩ ጋር የሚያመሳክረው ከተርጓሚው ሌላ ሰው እንዲሆን ይጠይቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የተረጎመው ሰው አማርኛውን ሲያነብ እንግሊዝኛው በጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ የጎደለውን ሳያውቀው ይሞላዋል።

ከዚያ ቁጥሮቹን ብቻ ለብቻቸው አመሳክሩ። አንዱ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው አማርኛው ላይ ጣቱን እያስኬደ ይከተላል፤ ስልክ ቁጥር፣ ዋጋ፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የሕንፃው ፎቅ። ፎቅን በዋዛ አትለፉት፤ ምድር ቤቱን አንድ ብሎ የሚቆጥርና የማይቆጥር አለ፣ ሊፍቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ። ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ዓይን ቁጥር ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች አይቀላቀሉ። ቀኖቹ ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት መያዛቸውንም በዚያው ተመልከቱ።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ አንዱን ብቻ የማድረግ ጊዜ ቢኖራችሁ እንኳ ይህን አድርጉ እላለሁ። ብሮሸሩን አይተው የማያውቁ፣ ክሊኒኩ ውስጥ የማይሠሩ ሰዎች ፈልጉ፤ ሦስት አማርኛውን ብቻ፣ ሦስት እንግሊዝኛውን ብቻ ያንብቡ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው ቢሆን እንኳ አንዱን ብቻ ስጡት። ከዚያ ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቡ፦ የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? ከቤት የምትወጪው በስንት ሰዓት ነው? በዚያ ጠዋት ምን ትበያለሽ፣ ምን ትጠጫለሽ? ስንት ብር ትይዣለሽ? የ40 ዓመት እህትሽን ይዘሻት ትመጫለሽ? «ገብቶሻል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ሰው ላለማሳፈር ገብቶኛል ይላል። መልሶቹን ከሠንጠረዡ ጎን ጻፏቸው። ሁለቱ ቡድኖች የተለያየ መልስ የሰጡበት ረድፍ ይስተካከላል። በአንዱ ቡድን ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ከተለያዩ ያ ጽሑፍ ለብቻውም ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ስድስት ሰው ጥናት አይባልም፣ ያመለጠ ነገርም ሊኖር ይችላል፤ ከላይ ያየናቸውን ሦስቱን ግን መጀመሪያ የተጠየቀችው ሴት ታወጣቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ የምግቡን።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ትተው ከሥር «በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ልዩነት ቢኖር የእንግሊዝኛው ይጸናል» የሚል መስመር ያክላሉ። ለውል እንጂ ለብሮሸር አይሆንም። አማርኛውን የምታነበው ሴት እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማትችል ነው አማርኛው የተጻፈላት፤ ልዩነት መኖሩን በምን ታውቃለች?

የተስተካከለው ጽሑፍ ወደ ዲዛይነሩ ከሄደ በኋላ ደግሞ አዲስ አደጋ ይጀምራል። አማርኛው ከእጥፉ ሲተርፍበት መስመር የሚያሳጥር ዲዛይነር አጋጥሞኛል፤ የምትቆረጠው ብዙውን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ናት፣ በአማርኛ ደግሞ «አይ» የምትለው አሉታ የተሸከመው ግስ የሚቀመጠው እዚያው ነው። ማሳጠር ካስፈለገ ፎቶው ይነስ። በቆየ የግዕዝ ፎንት የሚሠራ ከሆነም ጽሑፉን ሲቀይር ፊደልና ነጥብ ሊጎድልበት ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ማመሳከር በወርድ ፋይሉ ላይ ሳይሆን ለማተሚያ ቤት በሚላከው ፒዲኤፍ ላይ ይሁን፤ ሠንጠረዡን ይዛችሁ እንደገና ረድፍ በረድፍ።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ «አንዲት ቁጥር ብቻ» እንግሊዝኛው ላይ ልለውጥ ቢሉ፣ ለውጡ በቃል አይተላለፍ። ሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ፣ አማርኛው በዚያው ረድፍ ይለወጥ፣ ሁለቱንም ያየው ሰው ይፈርምበት፤ ፊርማው የሌለበት ፒዲኤፍ ወደ ማተሚያ ቤት አይሂድ። እናንተ አሁን ያላችሁበት ደረጃ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የምግቡ መመሪያ፣ ዕድሜውና «ሕክምና» የምትለዋ ቃል ሳይስተካከሉ፣ የክፍያውም ጥያቄ ከሂሳብ ክፍሉ መልስ ሳያገኝ እንዳታሳትሙ።